ፒንጉ መለሰ ማለት ታነሉ ሠራ ማለት አይደለም

> «ከአይፒቪ4 ወደ አይፒቪ6 ለመሻገር ዱዋል ስታክ ለትናንሽ ድርጅቶች እጥፍ ሥራ ነው። ታነል ግን በአሥር ደቂቃ ይተከላል። ፒንጉ ከመለሰ ሥራው አለቀ።»

ይህን ያነበብኩት ለትናንሽ ድርጅቶች ምክር ተብሎ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ነው። ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሰው አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ፣ አይፒቪ6ን፣ እንዲለምድ መፈለጋቸውም ደስ ይለኛል። ዱዋል ስታክ አሮጌውንና አዲሱን አድራሻ ጎን ለጎን መያዝ ነው፤ ታነል አዲሱን በአሮጌው ውስጥ አሳልፎ መላክ ነው፤ ፒንግ ደግሞ መስመሩ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት ነው። ነገር ግን እኔ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ መስመር፣ ኔትወርክ እየዘረጋሁና እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። እሳቸው እንደሚሉት የተተከለ ታነል ለገጣፎ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አግኝቼ ስጠግነው ቆይቻለሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው።

> «ለምን ሁለቱን ጎን ለጎን እናኖራለን? አንድ ቅዳሜ ሌሊት መርጦ ሁሉንም ወደ አዲሱ መቀየር ይሻላል።»

ሁለቱ አድራሻዎች በመስመር ላይ አይተዋወቁም። አይፒቪ4 ብቻ ያለው ማሽን አይፒቪ6 ብቻ ካለው ማሽን ጋር በቀጥታ ሊነጋገር አይችልም። የአንዱ አድራሻ 32 ቢት ነው፣ የሌላው 128 ቢት። መረጃ ተከፋፍሎ የሚጓዝበት ጥቅል ፓኬት ይባላል፤ የፓኬቱ ራስጌም አሠራሩ ሌላ ነው። እርስዎ ቅዳሜ ሌሊት ቢቀይሩ፣ ሰኞ ጠዋት የሚፈልጉት የባንክ ገጽ፣ የሒሳብ ሲስተምዎ ሰርቨር፣ በር ላይ ያለው የጣት አሻራ ማሽን አብረው አይቀየሩም።

በአንድ ቀን መቀየር አንድ ጊዜ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 አርፓኔት ኤንሲፒ ከሚባለው አሮጌ አሠራር ወደ ቲሲፒ/አይፒ ተሻገረ። ያኔ በመረቡ ላይ የነበሩት ማሽኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ባለቤቶቻቸውም ይተዋወቁ ነበር። ዛሬ ለዚያ የሚሆን ሌሊት የለም።

ዱዋል ስታክ የመጣው ለዚህ ነው። አንድ ማሽን ሁለቱንም አድራሻ ይይዛል። የአንድ ድረ ገጽ ስም ሲጠይቅ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጠዋል፦ የ`A` መዝገብ ለአሮጌው፣ የ`AAAA` መዝገብ ለአዲሱ። ሁለቱም ካሉ ብዙ ጊዜ አዲሱን ያስቀድማል። አዲሱ ከሌለ በአሮጌው ይሄዳል። ተጠቃሚው የትኛውን መንገድ እንደሄደ እንኳ አያውቅም።

> «በኢንተርኔት አቅራቢያችን አይፒቪ6 ባይኖርም ችግር የለም። ታነል ማንም ሰው ከየትም ሆኖ በአሥር ደቂቃ ሊተክል ይችላል።»

ትእዛዞቹን ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እውነት ነው። በጣም የተለመደው ታነል ሲክስ ኢን ፎር የሚባለው ነው። የአይፒቪ6ን ፓኬት እንዳለ ይወስድና በአይፒቪ4 ፓኬት ሆድ ውስጥ ያስገባዋል። ውጭ አገር ያለ የታነል አገልግሎት ሰጪ ይቀበልና ያወጣዋል። ማሠልጠኛው እንደ ራውተር የሚጠቀምበት ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። እዚያ ላይ የተጻፈው ይህን ይመስላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው፦

```
ip tunnel add tun6 mode sit remote 192.0.2.1 local 198.51.100.7 ttl 255
ip link set tun6 up mtu 1480
ip -6 addr add 2001:db8:1::2/64 dev tun6
ip -6 route add default dev tun6
```

«ማንም ሰው ከየትም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የዚህ ታነል ፓኬት በአይፒቪ4 ራስጌው ላይ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 41 ነው። ቲሲፒም አይደለም፣ ዩዲፒም አይደለም። ግንኙነቶችን የሚለየው ፖርት የሚባል ቁጥር የለውም። ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ የሚያወጣው፣ ናት የሚባለው አሠራር ደግሞ ደንበኞቹን የሚለየው በፖርት ነው። ፖርት የሌለው ፓኬት ከውጭ ሲመለስ ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም፤ ይጥለዋል።

አብዛኛው ሰው ዛሬ እንደዚህ ካለ ናት ጀርባ ነው ያለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዓለም አቀፉ የአይፒቪ4 ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ለአምስቱ የአህጉር መዝጋቢዎች ተከፋፍሎ አለቀ። የአፍሪካው መዝጋቢ አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የቀረችውን በጣም በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ኦፕሬተሮች አንዱን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላሉ።

የእርስዎን ለማወቅ ራውተሩ ላይ ገብተው የውጭ አድራሻውን ይዩ። ከ`100.64.0.0` እስከ `100.127.255.255` ባለው ውስጥ ከሆነ ከኦፕሬተር ናት ጀርባ ነዎት፤ ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ የተለየ ነው። በ`10.` የሚጀምር ከሆነም ያው ነው። ራውተሩ የሚያሳየው ቁጥርና ከውጭ ያለ ገጽ «አድራሻዎ ይህ ነው» ብሎ የሚነግርዎት ቁጥር ከተለያዩ፣ ሲክስ ኢን ፎር ለእርስዎ አይሆንም። ጽሑፉ እንደ አማራጭ ያነሣው፣ ሲክስ ቱ ፎር የሚባለው ሌላ ታነልም አይሆንም። እሱም ያንኑ ፕሮቶኮል 41 ነው የሚጠቀመው። የሕዝብ ማስተላለፊያዎቹን የሚያገኝበት የጋራ አድራሻም እ.ኤ.አ. በ2015 በአርኤፍሲ 7526 ከአገልግሎት ወጥቷል። ዛሬ ለአንድ ድርጅት መምከር ተገቢ አይመስለኝም።

ከኦፕሬተር ናት ጀርባ ሆኖ የሚሠራ ታነል አለ። ሰርቨር ተከራይቶ በዋየርጋርድ መገናኘት ነው። ዋየርጋርድ በዩዲፒ ስለሚሄድ ፖርት አለው፤ ናቱ ያሳልፈዋል። ግን ያኛው በየወሩ የሚከፈል ኪራይ አለው፣ የሚጠበቅ ሰርቨር አለው። የአሥር ደቂቃ ነገር አይደለም።

ማሠልጠኛው የሕዝብ አድራሻ ነበረው። በዚህ ዕድለኞች ናቸው። አድራሻው ግን ቋሚ አልነበረም። ለገጣፎ ላይ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ራውተሩ እንደገና ይገናኛል። ሲገናኝ ሌላ አድራሻ ይሰጠዋል። የታነሉ ሁለት ጫፎች ግን የድሮውን ቁጥር እንደያዙ ይቀራሉ። እዚህ ጋ የሚያታልል ነገር አለ። ይህ ታነል ግንኙነቱ መኖሩን የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። `ip link` ብለው ቢያዩት ያው `UP` ይላል። ራውተሩም ለክፍሉ ኮምፒውተሮች የአይፒቪ6 አድራሻ ማደሉን ይቀጥላል። ኮምፒውተሮቹ አይፒቪ6 አለን ብለው ያምናሉ፤ የሚልኩት ግን የትም አይደርስም።

ዘመናዊ ብሮውዘሮች ይህን ይቋቋሙታል። ሃፒ አይቦልስ የሚባል ዘዴ አላቸው። በአይፒቪ6 ይጀምሩና ሩብ ሴኮንድ ገደማ ጠብቀው መልስ ካጡ በአይፒቪ4 ይሞክራሉ። ይህ ዘዴ የሌላቸው ፕሮግራሞች ግን አሉ። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በራሱ ነባሪ ቅንብር አንድ ግንኙነት ተስፋ እስኪቆርጥ ሁለት ደቂቃ ያልፋል። ማሠልጠኛው ውስጥ «መብራት ከመጣ በኋላ አፕዴቱ ይንቀራፈፋል» ይባል የነበረው ይህ ነው። መፍትሔው ራውተሩ አዲስ አድራሻ ባገኘ ቁጥር የራሱን ጫፍ የሚያስተካክልና ለታነል ሰጪውም የሚያሳውቅ ስክሪፕት ነው። አብዛኞቹ ታነል ሰጪዎች ለዚህ የሚሆን ሊንክ አላቸው። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አላነሣም።

> «`ping -6` ብላችሁ መልስ ካገኛችሁ ታነሉ ሠርቷል። ከዚያ ወዲያ የሚነካ ነገር የለም።»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው ብዬ ስለማምን እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከማሠልጠኛው የደወለችልኝ አስተማሪዋ ነበረች። «ጋሼ፣ ፒንጉ ይመልሳል፤ ገጹ ግን ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም» አለችኝ። ሁሉም ገጽ አልነበረም። አንዳንዱ ቶሎ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ተሰቅሎ ይቀራል። ውጭ ወዳለ ሰርቨር በኤስኤስኤች ስትገባ ይገባላታል። ረጅም ዝርዝር እንዲያወጣ ስታዘው ግን ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ይህን ምልክት የሰማ የኔትወርክ ሰው መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው የፓኬት መጠን ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጠፋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ተራ የኢተርኔት መስመር በአንድ ጊዜ 1500 ባይት ያሳልፋል። ይህ ኤምቲዩ ይባላል። ታነሉ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 20 ባይት የአይፒቪ4 ራስጌ ይጨምራል። ስለዚህ ለአይፒቪ6 የሚቀረው 1480 ነው። ከላይ ባለው ትእዛዝ ላይ 1480 የተጻፈው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ መመሪያዎችም ይህንኑ ይላሉ።

የማሠልጠኛው መስመር ግን በስምና በፓስወርድ የሚገናኝ ፒፒፒኦኢ ነበር። ፒፒፒኦኢ ራሱ 8 ባይት ይወስዳል። መስመሩ 1500 ሳይሆን 1492 ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ 20 ሲቀነስ 1472 ይቀራል። ታነሉ 1480 አሳልፋለሁ እያለ መስመሩ የሚችለው 1472 ብቻ ነው። ልዩነቱ 8 ባይት ናት። ገጹን ያሰቀለችው እሷ ናት።

ተራ ፒንግ ይህን የማያሳየው ትንሽ ስለሆነ ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ማዘዣ የሚላከው 56 ባይት ጭነት ነው። ትልቅ ፒንግ መላክ ያስፈልጋል፦

```
ping -6 -M do -s 1424 2001:db8:100::1
ping -6 -M do -s 1432 2001:db8:100::1
```

በ`-s` የሚጻፈው ጭነቱ ብቻ ነው። በላዩ 40 ባይት የአይፒቪ6 ራስጌና 8 ባይት የአይሲኤምፒ ራስጌ ይጨመራል። 1424 ላይ 48 ሲደመር 1472 ይሆናል። 1432 ላይ ሲደመር 1480። የመጀመሪያው መለሰ። ሁለተኛው ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ መጠርጠር አላስፈለገም።

በአይፒቪ4 ዘመን ይህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። መሐል ያለ ራውተር ትልቁን ፓኬት ቆራርጦ የማሳለፍ መብት ነበረውና። በአይፒቪ6 መሐል ያለ ራውተር አይቆርጥም። ፓኬቱን ይጥልና ለላኪው «ይህ ትልቅ ነው፤ ይህን ያህል አድርገው» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ የአይሲኤምፒቪ6 ዓይነት 2 ነው። ላኪው ይሰማና ያሳንሳል። ሥርዓቱ የሚሠራው ይህ መልእክት ከደረሰ ነው።

በእኛ ጉዳይ ግን ፓኬቱ የወደቀው ታነሉ ውስጥ እያለ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ትልቅ ፓኬት የጣለው የአቅራቢው መሣሪያ ያየው የአይፒቪ4 ፓኬት ነው። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ቅሬታውን የሚልከውም በአይፒቪ4፣ ለታነል ሰጪው ነው። ታነል ሰጪው ያንን ወደ አይፒቪ6 መልእክት ለውጦ ለዋናው ድረ ገጽ ካላደረሰ፣ ድረ ገጹ ምንም አይሰማም። ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ደጋግሞም ይወድቃል።

የሚያልፉትን ፓኬቶች ለማየት ራውተሩ ላይ `tcpdump -ni tun6 tcp port 443` ብዬ አስተማሪዋን ገጹን እንድትከፍት ጠየቅኳት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፓኬቶች፣ ግንኙነቱን የሚከፍቱት፣ በሰላም ሄዱና መጡ። ብሮውዘሩ ሰላምታውን ላከ። ሰርቨሩ በምላሹ ሰርተፊኬቱን መላክ አለበት። ሰርተፊኬት ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ሙሉ ሙሉ ፓኬት ነው የሚሞላው። እነዚያ አልመጡም። የመጨረሻዋ ቁራጭ፣ ትንሽ ስለሆነች፣ ብቻዋን ደረሰች። የእኛ ማሽን «ከመሐል የጎደለ አለ» እያለ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል። ሰርቨሩ ይልካል፤ አይደርስም። ብሮውዘሩ ይሽከረከራል።

እዚህ ላይ ሃፒ አይቦልስ ለምን አላዳናቸውም የሚል ሊኖር ይችላል። ዘዴው የሚያየው ግንኙነቱ መከፈቱን ብቻ ነው። የመክፈቻ ፓኬቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ በታነሉ ያልፋሉ። ብሮውዘሩ አይፒቪ6 አሸነፈ ብሎ ይወስናል፣ አይፒቪ4ን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ነው የሚሰቀለው። ስለዚህ ግማሽ የሚሠራ ታነል ጭራሽ ከሞተ ታነል ይከፋል። የሞተውን ብሮውዘሩ በሩብ ሴኮንድ ይሸሸዋል። ግማሽ የሚሠራውን አምኖ ይቀመጣል።

ያስተካከልነው በሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ የታነሉን ኤምቲዩ በእኛ በኩል 1472 አደረግን። ሁለተኛ፣ በታነል ሰጪው ገጽ ላይ ያንኑ ቁጥር ሞላን። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ከውጭ ወደ እኛ የሚመጣውን መጠን የሚያውቀው ያኛው ጫፍ ነው። እሱ 1472 መሆኑን ካወቀ፣ ትልቅ ፓኬት ሲመጣበት ለላኪው ድረ ገጽ በትክክለኛው የአይፒቪ6 መልእክት ይነግረዋል። ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ ያንን መልእክት የሚያግድ ፋየርዎል ስለማይጠፋ፣ ለቲሲፒ መጠባበቂያ ጨመርን፦

```
ip link set dev tun6 mtu 1472
ip6tables -t mangle -A FORWARD -o tun6 -p tcp \
  --tcp-flags SYN,RST SYN -j TCPMSS --set-mss 1412
```

1412 የመጣው ከ1472 ላይ 40 ባይት የአይፒቪ6 ራስጌና 20 ባይት የቲሲፒ ራስጌ ተቀንሶ ነው። ኮምፒውተሩ ግንኙነት ሲከፍት «ከ1412 ባይት የበለጠ በአንድ ፓኬት አትላክልኝ» እንዲል ያደርገዋል። ሰርቨሩ ከመጀመሪያው አሳንሶ ይልካል፤ የሚወድቅ ነገር አይኖርም። ገደቡ ግልጽ ይሁን፤ ይህ የሚሠራው ለቲሲፒ ብቻ ነው። ዩዲፒን አይነካም። ለዚህ ነው የሁለቱን ጫፍ ኤምቲዩ ማስተካከል የማይቀረው። ለክፍሉ ኮምፒውተሮችም በ`radvd.conf` ላይ `AdvLinkMTU 1472;` ብለን ራውተሩ እንዲነግራቸው አደረግን።

ገጾቹ ተከፈቱ። ሌላው ችግር ግን አልተፈታም። ታነሉ የሚወጣው አውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰርቨር፣ ሁለቱም አድራሻ ካለው፣ ከለገጣፎ በታነሉ ሲጠየቅ መንገዱ አውሮፓ ደርሶ መመለስ ነው። በአይፒቪ4 ቢሄድ ግን እዚሁ ያለቀ ነበር። ይህን ኤምቲዩ በማስተካከል አያስቀሩትም። ቀጥተኛ አይፒቪ6 ከአቅራቢው ካልመጣ በቀር መድኃኒት የለውም።

> «ዱዋል ስታክ እጥፍ ሥራ ነው። ፋየርዎላችንማ አስቀድሞ አለ፤ ስለሱ መጨነቅ አያስፈልግም።»

እጥፍ ሥራ መሆኑን እቀበላለሁ። ሁለት የመንገድ ሰንጠረዥ፣ ሁለት ክትትል፣ ብልሽት ሲመጣ «በየትኛው ነው?» የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ። ግን ጸሐፊው ልብ ያላሉት ነገር አለ። ታነልም ዱዋል ስታክ ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁለቱንም አድራሻ ይይዛሉ። ልዩነቱ አይፒቪ6ቱ ከአቅራቢው በቀጥታ መምጣቱ ወይም በአይፒቪ4 ተጭኖ መምጣቱ ብቻ ነው። እጥፍ ሥራው በታነል አይቀርም። ታነሉ ራሱ ይደመርበታል።

የፋየርዎሉ ጉዳይ ደግሞ አሳሳቢ ነው። ማሠልጠኛው የአይፒቪ4 ፋየርዎል በሆነው `iptables` ላይ በጥንቃቄ የተጻፉ ሕጎች ነበሩት። የአይፒቪ6 በሆነው `ip6tables` ላይ ግን ምንም አልነበረም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውን አይነካም። ድሮ ከናት ጀርባ የነበረው የግቢው ካሜራ አሁን ከየትም የሚደረስ የራሱ የአይፒቪ6 አድራሻ አግኝቷል። ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር። ከውጭ ካለ አይፒቪ6 ያለው ሰርቨር ላይ ሆኜ የካሜራውን አድራሻ ስጠይቅ የመግቢያ ገጹ ተከፈተ። በዚያው ሰዓት ይህን ጻፍን፦

```
ip6tables -A FORWARD -m conntrack --ctstate ESTABLISHED,RELATED -j ACCEPT
ip6tables -A FORWARD -p ipv6-icmp --icmpv6-type packet-too-big -j ACCEPT
ip6tables -A FORWARD -i br-lan -o tun6 -j ACCEPT
ip6tables -P FORWARD DROP
```

ከውስጥ የተጀመረው ይወጣል፣ መልሱ ይገባል፣ ከውጭ የሚጀመር ይታገዳል። በድሮው ኔትወርክ ናቱ ሳያስቡት ያደርግላቸው የነበረው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው መስመር ከላይ ያልኩት የመጠን መልእክት ነው። «ለደኅንነት» ብሎ አይሲኤምፒን በሙሉ የሚያግድ ሰው አለ። በአይፒቪ6 ያን ያደረገ ሰው የተሰቀለውን ገጽ በራሱ እጅ መልሶ ይተክለዋል።

> «ዱዋል ስታክ እኮ የአይፒቪ4 እጥረትን አይፈታም።»

እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ሁለቱንም የያዘ ማሽን አሮጌውን አድራሻ አሁንም ይፈልጋል። ዱዋል ስታክ የሚያቃልለው ኦፕሬተሩ ናት ላይ ያለውን ጫና ነው። በአይፒቪ6 የሄደ እያንዳንዱ ግንኙነት በናቱ አያልፍም።

እጥረቱን በቀጥታ የሚነካው ሌላው ዘዴ መተርጎም ነው፤ እሱም በዋናነት የኦፕሬተሩ ሥራ ነው። ደንበኛው አይፒቪ6 ብቻ ይሰጠዋል። አይፒቪ4 ብቻ ያለው ድረ ገጽ ሲፈልግ ዲኤንኤሱ የዚያን ድረ ገጽ አድራሻ በ`64:ff9b::/96` ውስጥ ከትቶ ይሰጠዋል። ለምሳሌ `192.0.2.10` የሚለው `64:ff9b::c000:20a` ይሆናል። ፓኬቱ የኦፕሬተሩ ተርጓሚ ጋ ሲደርስ የአሮጌው አድራሻ ይወጣና ይቀጥላል። ይህ ናት64 ይባላል።

የሚሰናከልበት ቦታ አለ። በስም ሳይሆን በቀጥታ በአይፒቪ4 ቁጥር የሚደውል መተግበሪያ ዲኤንኤሱን አይጠይቅም። ስለዚህ የሚተረጎምለት የለም። ይህን ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2013 በአርኤፍሲ 6877 የተጻፈው 464ኤክስላት መጣ። ስልኩ ራሱ ውስጥ አንድ ትንሽ ተርጓሚ ይቀመጣል። መተግበሪያው አይፒቪ4 ያለ ይመስለዋል፤ ስልኩ ወደ አይፒቪ6 ለውጦ ይልከዋል፣ ኦፕሬተሩ ጋ ተመልሶ ይለወጣል። አንድሮይድ ስልክ ላይ በሞባይል ዳታ ሳሉ የአይፒ አድራሻው ዝርዝር ውስጥ `192.0.0.4` ካዩ ስልክዎ ይህን እየሠራ ነው።

ለማሠልጠኛ፣ ለክሊኒክ ወይም ለትንሽ መሥሪያ ቤት ግን ይህ የራሳቸው ውሳኔ አይደለም። በእጃቸው ያለው አቅራቢውን መጠየቅ ነው። ሲጠይቁም «አይፒቪ6 አላችሁ ወይ?» ብቻ ብለው አይመለሱ። ለአንድ ቅጥር ግቢ የሚሰጡት የአድራሻ ክልል ስንት ነው ብለው ይጠይቁ። `/64` ከሆነ አንድ ኔትወርክ ብቻ ነው። `/56` ከሆነ 256 ኔትወርክ ይወጣዋል፤ ካሜራውን፣ ቢሮውንና የተማሪውን ዋይፋይ መለየት ይቻላል። የሚሰጡት ቁጥር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይቀየራል ወይስ ይቆያል ብለውም ይጠይቁ። ከተቀየረ በውስጥ ያሉ ሰርቨሮችና የፋየርዎል ሕጎች አብረው ይናጋሉ። ራውተሩም በዲኤችሲፒቪ6 አማካይነት ያንን ክልል ተቀብሎ ለየክፍሉ ማከፋፈል የሚችል መሆን አለበት። ርካሽ ራውተሮች ላይ ይህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ከመግዛት በፊት ማየት ነው።

የለገጣፎው ማሠልጠኛ ለአቅራቢው ማመልከቻ አስገብቶ እየጠበቀ ነው። እስከዚያ ታነሉን ከመላው ግቢ አውርደን የኔትወርክ ትምህርት በሚሰጥበት አንድ ክፍል ብቻ ተውነው። ቢሮው፣ ካሜራውና ሌሎቹ ክፍሎች በአይፒቪ4 ይሠራሉ። ተማሪዎቹ ግን ሁለቱን የፒንግ ትእዛዞች በየተራ እየላኩ፣ 1424 ሲመለስ 1432 ለምን እንደማይመለስ በራሳቸው ሒሳብ ያወጣሉ።